ሌቮታይሮክሲንና የጠዋት ቡና፦ በመካከላቸው የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት

«ጤና ይስጥልኝ። እንቅርቴ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ካንሰር አልነበረም። ክብደቴ 60 ኪሎ ነው። ሌቮታይሮክሲን በ100 ማይክሮግራም ጀምሬ ወደ 125፣ ከዚያም ወደ 150 ከፍ ተደረገልኝ፤ ያም ሆኖ ባለፈው ወር የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ፣ ቲኤስኤች፣ 7.8 ወጣ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ክኒኑን ከአቦሉ ጋር እውጣለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ቁርስ ስበላ ደግሞ ካልሲየሜን እወስዳለሁ። አሁን ለደም ማነስ አይረን ተጨምሮልኛል። ቡናውን ልተው ወይስ መድኃኒቱ ለእኔ አይሠራም?»

መድኃኒቱ ይሠራል፤ ቡናውንም መተው አይጠበቅብዎትም። ከጻፉልኝ ዝርዝር የምረዳው ክኒኑ፣ ቡናውና ካልሲየሙ ተከታትለው አንድ ሆድ ውስጥ እየተገናኙ መሆናቸውን ነው። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም፣ ይህን አንብበው ነገ ጠዋት ሰዓቱን ብቻ ለውጠው ዝም እንዳይሉ አደራ እላለሁ። 150 ማይክሮግራም የደረሱት ቡናውና ካልሲየሙ የሚያስቀሩትን ለማካካስ ከሆነ፣ እነርሱ ገለል ሲሉ ያው መጠን ሊበዛብዎት ይችላል። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

ሌቮታይሮክሲን የታይሮይድ ዕጢ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን በፋብሪካ የተሠራ አምሳያ ነው። ክኒኑ ጨጓራ ውስጥ ከሟሟ በኋላ ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት በኩል ሲሆን፣ በባዶ ሆድና በውሃ ቢወሰድ እንኳ ሁሉም አይገባም። እንደ ሰውየውና እንደ ሁኔታው ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ይገባል፤ የቀረው ከሰገራ ጋር ይወጣል። መጠኑ የሚለካው ደግሞ በማይክሮግራም ነው። አንድ የፓራሲታሞል ክኒን 500 ሚሊግራም መድኃኒት ሲይዝ፣ የእርስዎ ክኒን የሚይዘው የአንድ ሚሊግራም ሰባተኛ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቂት መድኃኒት አንድ ሲኒ ሙሉ የቡና ቅንጣትና ኬሚካል ውስጥ ሲገባ ከፊሉ እዚያው ተይዞ ይቀራል፤ የአንጀት ግድግዳ ጋ ሳይደርስ ያልፋል ማለት ነው። ቡና አንጀትን የሚያንቀሳቅስ መጠጥ መሆኑም አያግዝም።

ይህን በሚገባ ያሳየ አንድ የጣሊያን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። መነሻው እንደ እርስዎ ያሉ ስምንት ሴቶች ነበሩ፤ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰዱ ቲኤስኤቻቸው አልወርድ ያለ፣ ሲጠየቁም ክኒኑን በቡና የሚውጡ ሆነው የተገኙ። ከእነርሱ ስድስቱና ሌሎች ዘጠኝ ፈቃደኞች በሦስት የተለያዩ ጊዜያት ሁለት ሁለት ባለ 100 ክኒን ወሰዱ፦ አንዴ በውሃ፣ አንዴ በቡና፣ አንዴ ደግሞ በውሃ ወስደው ከ60 ደቂቃ በኋላ ቡና ጠጡ። ከዚያም ለአራት ሰዓት ያህል ደማቸው ውስጥ የገባው ሆርሞን ተለካ። በቡና ሲወሰድ ወደ ደም የገባው በታካሚዎቹ በ36 በመቶ፣ በፈቃደኞቹ በ27 በመቶ ቀነሰ። ሦስተኛው ሙከራ ግን ለእኛ ከሁሉም የሚጠቅመው ነው፤ ቡናው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ውጤቱ በውሃ ብቻ ከተወሰደው ጋር ተመሳሳይ ሆነ። ፋርማሲ ላይ «ከቡና በፊት አንድ ሰዓት» እያልን የምንናገረው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን የእርስዎን ቁጥር እንየው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ለወጣለት አዋቂ ሰው የተለመደው መነሻ ስሌት በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ነው። ለ60 ኪሎ 96 ይመጣል፤ ሐኪምዎ በ100 መጀመራቸው ከዚህ ጋር የሚገጥም ነው። አሁን ያሉበት 150 ግን በኪሎ 2.5 ነው። በኪሎ 2 ማይክሮግራም እያለፈ ቲኤስኤች አልወርድ ሲል፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ክኒኑ ጥራት ሳይሆን ስለ ጠዋቱ ሥነ ሥርዓት ነው፦ በምን ዋጡት፣ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ አፍዎ የገባው ምንድን ነው፣ ስንት ደቂቃ ቆይቶ? ቡና ሲሶውን ያስቀራል ብለን ብናሰላ፣ 150 በቡና የተዋጠው 100 በውሃ ከተዋጠው ጋር እኩል ይሆናል። ሁለት ጊዜ የተጨመረልዎት መጠን ቡናው የወሰደውን ከመመለስ ያለፈ አልነበረም ማለት ነው። በዚያ ላይ ካልሲየሙ ሲደረብ ቲኤስኤች 7.8 ቢወጣ አያስገርምም። በብዙ ላብራቶሪዎች ጤናማ የሚባለው ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነውና።

ይህ መለኪያ ከፍ ዝቅ የሚልበትን መንገድ ማወቅም ይጠቅማል። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለችው የፒቱታሪ ዕጢ የምትልከው ትእዛዝ ነው፤ ሆርሞኑ ሲያንስ ትእዛዙ ይጮኻል፣ ሲበዛ ዝም ይላል። ጩኸቱ ከጉድለቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ሆርሞኑ በጥቂቱ ሲጎድል ቲኤስኤች በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሌቮታይሮክሲን ደግሞ በዝግታ የሚወጣ መድኃኒት ነው፤ በደም ውስጥ ካለው ግማሹ ለመውጣት አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ ቀን ተሳስተው በቡና ቢውጡት የሚደርስብዎት ጉዳት የለም፤ በዚያው ቀን ሌላ ክኒን አይድገሙበት። ለወራት በየቀኑ የሚደጋገም ስሕተት ግን ይጠራቀማል፤ እርምትም እንዲሁ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። ሰዓት አስተካክለው በሁለተኛው ሳምንት ቢመረመሩ የሚያገኙት ቁጥር የድሮውንም የአሁኑንም የማይናገር ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁበት አንድ አጋጣሚ አለ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ እናት መድኃኒቱን እንዳይረሱት ብለው የክኒኑን እሽግ ረከቦቱ ላይ፣ ከሲኒዎቹ ጎን ያስቀምጡ ነበር። ጀበናው ሲወርድ ያዩታል፣ በመጀመሪያው ሲኒ ይውጡታል፤ በእርግጥም አንድ ቀን እንኳ አልረሱም። የካቲት ላይ ቲኤስኤቻቸው 6.1 ነበርና መጠኑ ተጨመረ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾሙ እስከ 9 ሰዓት ቡና አይቀምሱም፤ ክኒኑን ግን ሐኪም ያዘዘው ነው ብለው ከእንቅልፍ ሲነሱ በውሃ ይወስዱ ነበር። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ መድኃኒቱ ሙሉ ለውጡን ለማሳየት ከሚያስፈልገው ጊዜ ጋር ገጠመ። በመጨረሻው ሳምንት ልባቸው እየመታ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ሌሊቱን ሳይተኙ እያደሩ መጡ፤ እርሳቸው የጾሙ ድካም መስሏቸው ነበር። ሲመረመሩ ቲኤስኤች 0.1 ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን የላብራቶሪ ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ላያቸው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። በሁለቱ መካከል መጠኑ 25 ማይክሮግራም ብቻ ነው የጨመረው፤ የቀረውን ያደረገው ቡናው ከጠዋት ወደ ከሰዓት መዛወሩ ነው።

በመግቢያዬ ላይ አደራ ያልኩት ለዚህ ነው። የእርስዎ መጠን ከስሌቱ በሃምሳ ያህል ከፍ ያለ ነውና ክኒኑን ከቡናና ከካልሲየም ሲለዩት መብዛቱ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ወደ ሐኪምዎ ሄደው «እስከ አሁን በቡና ስውጠው ነበር፣ ከአሁን በኋላ በውሃ እወስደዋለሁ» ብለው በግልጽ ይንገሩ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም የላብራቶሪ ወረቀት ይልቅ ለሐኪሙ ትረዳለች። ምናልባት መጠኑን ወዲያውኑ ዝቅ ያደርጉት ይሆናል፤ ምናልባትም በነበረበት አቆይተው ከስድስት ሳምንት በኋላ ሊያዩት ይመርጡ ይሆናል። ዕድሜዎ የገፋ ከሆነ ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት ሰዓቱን ከመለወጥዎ በፊት ይጠይቁ፤ ምክንያቱም የበዛ የታይሮይድ ሆርሞን የልብን ምት ሊያዛባና አጥንትንም ሊያሳሳ ይችላል። እስከዚያው ልብ መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ያለምክንያት ማላብ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም የክብደት መቀነስ ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ስለ ካልሲየሙ ደግሞ የሚያሳስበኝ ሰዎች «አይስማማም» ሲባሉ ጨርሰው መተዋቸው ነው። ዕጢው ሲወጣ አጠገቡ ያሉት የደምን ካልሲየም የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ካልሲየሙ ለእርስዎ ከቫይታሚን የበለጠ ነገር ሊሆን ይችላል። ከተቋረጠ የከንፈርና የጣት ጫፍ መደንዘዝ፣ የጡንቻ መኮማተር ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ማንሳት ሳይሆን ማራቅ ነው የሚፈለገው። ካልሲየም ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ አጥብቆ የሚይዝ ማዕድን በመሆኑ ለቡና የበቃው አንድ ሰዓት ለእርሱ አይበቃም፤ በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ያስፈልጋል። የአይረን ክኒንም እንዲሁ አራት ሰዓት ይራቅ። ማኪያቶ ለምትወዱም አንድ ነገር ልጨምር፤ ወተቱም ካልሲየም ያለበት ስለሆነ ጥቁር ቡናን በወተት መለወጥ ነገሩን ያባብሰው እንደሆነ እንጂ አያሻሽለውም። ካፌይን የወጣለት ቡናም መፍትሔ አይመስለኝም፤ ችግሩን የካፌይን ብቻ አድርጎ ማየት ስለማይቻል።

አይረኑ ከቡና ጋር ያለው ጉዳይ በሌላ አቅጣጫ የሚሄድ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ቡና ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አይረንን ይይዙታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት አንድ ሲኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከምግቡ የሚገኘውን አይረን በ39 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም ጉዳት አልታየም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን የቀነሰው ከምግቡ ጋር አብሮ እንደተጠጣ ያህል ነው። ለሌቮታይሮክሲን መድኃኒቱ ቀድሞ ቡናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመጣ ሰላም ነው፤ ለአይረን ግን ከምግብ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት አያድንም። ምሳ በልቶ ቡና ማፍላት የኛ ወግ ነውና የደም ማነስ ያለበት ሰው የሚጎዳው በዚያች ሰዓት ነው። አይረኑን ሲውጡ ቡናና ሻይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል ከፊትም ከኋላም ቢርቁ ይሻላል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ ለማስቀመጥ ለእርስዎ የማስበው እንዲህ ነው። ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሌቮታይሮክሲኑን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ይውጡ። ከሰሉን ያያይዙ፣ ቡናውን ቁሉ፣ ይውቀጡ፤ በቤት የሚፈላ ቡና ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ሰዓቱ ሳይታወቅዎት ይሄዳል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ አቦልዎን ይጠጡ፣ ቁርስዎንም ይብሉ። 5 ሰዓት ላይ አይረኑን በውሃ ይውሰዱ፤ ከሌቮታይሮክሲኑ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ከቡናውም አራት ሰዓት ተኩል ያህል ርቋል። 7 ሰዓት ላይ ምሳዎን ሲበሉ የመጀመሪያውን ካልሲየም ይውሰዱ፤ ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ሲወሰድ የተሻለ ይገባል፣ ከአይረኑም በሁለት ሰዓት ተለይቷል። የከሰዓቱን ቡና ወደ 10 ሰዓት ገፋ ያድርጉት። ማታ ከራት ጋር ሁለተኛው ካልሲየም ይወሰዳል፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከታዘዘልዎት የምሳው ይበቃል። አይረኑ በባዶ ሆድ ጨጓራዎን ካስቸገረ ትንሽ ነገር ቀምሰው ይውሰዱት፤ ከሚተዉት ያ ይሻላል።

ጠዋት ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም የሚል ሰው መድኃኒቱን ማታ ሊወስደው ይችላል። ሆላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ሲተኙ የሚወስዱት ሰዎች ጠዋት ከሚወስዱት የባሰ ሳይሆን እንዲያውም የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ሆኖም ከራት ሦስት ሰዓት ያህል መራቅ ይፈልጋል። እርስዎ ማታ ካልሲየም የሚወስዱ ከሆነ አራት ሰዓት ስለሚያስፈልግ ይህ መንገድ ለእርስዎ አይመችም። በረመዳን የሚጾሙ ሰዎች ግን ከኢፍጣር በኋላ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ቆይተው ሲተኙ ቢወስዱት ከሱሁሩ ጥድፊያ ይገላግላቸዋል። ፈሳሽና ለስላሳ ካፕሱል የሆኑ የሌቮታይሮክሲን ዓይነቶች በቡና ብዙም እንደማይነኩ ታይቷል፤ ውጭ አገር የምትኖሩ ሐኪማችሁን ልትጠይቁበት ትችላላችሁ።

ሰዓት ማራራቅ ለሁሉም መድኃኒት መፍትሔ ነው ብለው እንዳይወስዱት አንድ ነገር ልለይ። ማራራቅ የሚረዳው ግጭቱ አንጀት ውስጥ ሲሆን ነው። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አለንድሮኔት ለምሳሌ በቡና ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው በ60 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በውሃ ከተዋጠና ቡናው ከተገፋ ግን ችግሩ ይቀራል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ ግን የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበትን ኢንዛይም ይይዘዋል። ስለዚህ ሦስት ሲኒ ጠጥቶ የለመደ ሰው ሦስቱ እንደ አምስትና ስድስት ሆነውበት ልቡ ሲመታና እንቅልፍ ሲያጣ ይታያል። እዚህ ላይ ክኒኑን ጠዋት፣ ቡናውን ከሰዓት ማድረግ ብዙ አይጠቅምም፤ ሕክምናው እስኪያልቅ ሲኒ መቀነስ ነው ያለው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። አዲሱን ሰዓት ከጀመሩ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመርመሩ፤ በምርመራው ጠዋት ክኒኑን ደሙ ከተቀዳ በኋላ ይውሰዱ፣ አለዚያ ከቲኤስኤች ጋር የሚለካው የሆርሞን መጠን ከፍ ብሎ ሊያሳስት ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ የቡናውን ሰዓት ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ አያድርጉት፤ ሐኪሙ መጠኑን የሚተምነው ባለው ልማድ ላይ ስለሆነ ልማዱ ሲዋዥቅ ቁጥሩም ይዋዥቃል። ሰዓቱን በትክክል ጠብቀው ቲኤስኤች አሁንም ከፍ ካለ፣ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ይወስዳሉ? የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ክኒኑ በደንብ አይሟሟም። ክኒኑንስ የት ያስቀምጡታል? ሌቮታይሮክሲን ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት የሚያበላሸው መድኃኒት ነው። ከላይ የነገርኳችሁ እናት ረከቦቱ ላይ፣ ከከሰሉ አጠገብ ያስቀመጡት ክኒን ከቡናው ሌላ ሁለተኛ ጠላት ነበረው። አሁን የሚያስቀምጡት አልጋቸው አጠገብ ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ የውሃው ብርጭቆ ከማታ ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል።